ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ነው

ዛሬ ሰውም ወሬም አላሰኘኝም። ጉሙ ከጮቄ በኩል ወርዶ ማርቆስን እስከ ከሰዓት ድረስ አልለቀቃትም፤ እኔም ያን የተቅማጥ ስክሪፕት ይዤ ቁጭ አልኩ። ታውቁታላችሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚመጣውን፣ ኦአርኤስ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚናገረውን የአንድ ደቂቃ መልእክት። ዘንድሮ በስክሪኑ ጥግ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ትገባበታለች ተባለና፣ ጽሑፉ ለእሷ እንዲመች ሆኖ እንዲስተካከል ወደ እኔ መጣ። ስለ ድብርቴ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝና ሌላውን አስረሳኝ።

ዓረፍተ ነገሩ ይኸው፦

«በተቅማጥ ምክንያት ከሰውነቱ ፈሳሽ የወጣበትን ሕፃን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ የተበጠበጠውንና ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያላለፈውን ኦአርኤስ በማንኪያ ቀስ በቀስ ከማጠጣት ጎን ለጎን፣ ጡት ማጥባትን ማቋረጥም ሆነ ምግብ መከልከል አይገባም።»

ለሚሰማ ሰው ችግር የለበትም። ድምፁ ደህና የሆነ ተራኪ ቢያነበው እንዲያውም ያምራል። ለአስተርጓሚዋ ግን ወጥመድ ነው። አማርኛ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰጠው፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪደርስ የተባለው ሁሉ ይደረግ ይሁን አይደረግ አይታወቅም። አስተርጓሚ ከተራኪው ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርታ ነው የምትከተለው። እዚህ ላይ ማሰሪያውን ልጠብቅ ካለች ሕፃኑን፣ ውሃውን፣ ሊትሩን፣ ሰዓቱን፣ ማንኪያውን ሁሉ በጭንቅላቷ ተሸክማ መቆም አለባት፤ ያን ጊዜ ተራኪው ወደሚቀጥለው አልፏል። አልጠብቅም ካለች ደግሞ «ጡት ማጥባት ማቋረጥ፣ ምግብ መከልከል» እጇ ላይ ይወጣና «አይገባም» ዘግይቶ ይደርሳል። በመሃል ዓይኗን ዞር ያደረገች እናት የምትወስደው ምክር የተገላቢጦሹን ነው።

አስተርጓሚዋ ት. ባለፈው ለዋናው ጸሐፊ ያለችው ትክክል ነበር፦ «ጋሼ፣ ግሱ እስኪመጣ ድረስ እጄን የት ላቆየው?»

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ክልከላውን ነጥሎ ማውጣት ነው። ቀድሞ የሚደረገው ይነገራል፣ ከዚያ የማይደረገው ለብቻው ይከተላል፦ «እናት ልጇን ጡት ታጥባ። አታቋርጥ። ምግብም ትስጠው።» ሁለተኛው ሥራ ቅደም ተከተሉን እንደ ድርጊቱ ማስተካከል ነው። በፊተኛው ጽሑፍ እጅ መታጠብ የመጣው ከብጥበጣው በኋላ ነበር፣ «ይህን ከማድረግዎ በፊት» ተብሎ። ጆሮ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክለዋል። በእጅና በሥዕል ሲቀርብ ግን የታየው ቅደም ተከተል ነው የሚያዘው፤ እንግዲህ እጅ መታጠቡ አንደኛ ሆነ።

ማሳጠር ሲባል ደግሞ ሁሉንም መቆራረጥ የሚመስላቸው አሉ። እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። የአማርኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም በሆዱ ይይዛል፤ «አጠጣችው» ብንል ማን ማንን እንደሆነ ከፊቱ ካለው ዓረፍተ ነገር ነው የምናውቀው። በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ እናትን አንድ ቦታ፣ ልጅን ሌላ ቦታ ላይ አስቀምጣ ድርጊቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ትወስደዋለች። ስማቸው ካልተጠራላት ማንን የት እንደምታስቀምጥ ትገምታለች። እና ዓረፍተ ነገሩ ባጠረ ቁጥር ስሙን መድገም ያስፈልጋል፦ እናት፣ ልጅ፣ ውሃ፣ ፓኬት። ሲነበብ ድግግሞሽ ይመስላል፣ ይሁን። «ይደረጋል፣ ይወሰዳል፣ ይጠበቃል» የሚሉትን የቢሮ ግሶችም ለዚሁ ብዬ አውጥቼ አድራጊውን አስገብቻለሁ።

መክፈቻው ላይ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚል ነበር። ለጆሮ የሚጥም ነው፤ የጎጃም ሰው መቼም ተረትና ቅኔ ሳያስቀድም ነገር አይጀምርም። ግን መልእክቱ የሰውነት ፈሳሽ ስለ ማለቅ ነው፤ ደረቅና እርጥብ የሚሉ ምልክቶች መጀመሪያ ላይ ቢወጡ ተመልካቹ ስለ ልጁ ሰውነት እየተነገረ ይመስለዋል። አስተርጓሚዋ ፍቺውን ልስጥ ብትል ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የላትም። ለሬዲዮው ይቆይ ብዬ ከቪዲዮው አወጣሁት፤ በቦታው «ልጁ ተቅማጥ ይዞታል። ዛሬውኑ ጀምሩ።» ገባ።

ከዚያ የወረዳዎቹ ስም አለ። ጎዛምን፣ አነደድ፣ ማቻከል፣ ደብረ ኤልያስ፣ ባሶ ሊበን፤ ተራኪው በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። የታወቀ ምልክት የሌለው ስም በጣት ፊደል ነው የሚጻፈው፤ በእኛ የጣት ፊደል የእጅ ቅርጹ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያል። አምስት ስም በተከታታይ እንዲህ መጻፍ ማለት አስተርጓሚዋ ቀጣዮቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሙሉ በሙሉ ታጣለች ማለት ነው። ስሞቹን ከድምፁ አውጥቼ በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አደረግኳቸው፣ ድምፁ «ለምሥራቅ ጎጃም ነዋሪዎች» ብቻ ይላል። «ኦአርኤስ» እና «ዚንክ» ግን መቅረት አይችሉም። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ፓኬቱ በቅርብ ይታያል፣ ስሙ በትልቁ ይጻፋል፣ ተራኪው ዝም ይላል፤ የኦአርኤስን አምስት ፊደል በጣቷ ጽፋ እስክትጨርስ።

አሁን ወደ ፋታው መጣሁ፤ ሐሳቤን ሙሉ ቀን የወሰደው እሱ ነው። ብዙ ሰው ፋታ የሚገባው አስተርጓሚዋ እንድትደርስ ይመስለዋል። አንዱ ጥቅሙ ያ ነው። ትልቁ ግን የተመልካቹ ዓይን ነው። የሚሰማ ሰው እጆቹ ውሃ ሲለኩ እያየ ማብራሪያውን በጆሮው ይወስዳል። የማይሰማ ሰው ሁለቱንም በዓይኑ ነው የሚወስደው፤ ዓይን ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ነው። አስተርጓሚዋ ያለችበትን የጥግ መስኮት እያየ ከሆነ ሊትሩን አላየም፣ ሊትሩን እያየ ከሆነ አስተርጓሚዋ ያለችውን አላየም።

ባለፈው የሙከራ ቅጂ ላይ ጉዳቱ ግልጽ ብሎ ታየ። አንድ መስማት የተሳነው ጎልማሳ ቪዲዮውን አይቶ ያየውን ራሱ እንዲሠራ ሰጠነው። እጁን ታጠበ፣ አንድ ሊትር ለካ፣ ፓኬቱን ቀደደና ግማሹን ጨምሮ ቀሪውን አጥፎ አስቀመጠ። በቪዲዮው ፓኬቱ እስከ መጨረሻው የሚራገፈው ልክ አስተርጓሚዋ ስለ ውሃው መፍላት ገና እየተረጎመች ሳለ ነበር። መስኮቷን እያየ አመለጠው። ግማሽ ፓኬት በአንድ ሊትር ማለት የጨውና የስኳሩ መጠን ግማሽ ሆነ ማለት ነው፤ በተቃራኒው በግማሽ ሊትር ሙሉ ፓኬት ቢሆን ደግሞ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳዋል። ልኩን የሚያሳየው ቦታ ላይ ስህተት ቢኖር ሌላው ሁሉ ማማሩ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ በስክሪፕቱ ሁለት ዓይነት ፋታ እየለየሁ እጽፋለሁ። «መድረሻ» ያልኩት አጭር ነው፣ ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ተራኪው ዝም ይላል፣ አስተርጓሚዋ ትጨርሳለች፣ ሥዕሉ አይቀየርም። «ማያ» ያልኩት ረዘም ይላል፤ ተራኪው ዝም፣ አስተርጓሚዋም እጇን አውርዳ ፊቷን ወደ ሥዕሉ ታዞራለች፤ ተመልካቹም ይከተላታል። ድርጊቱ የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው። አሁን ያለው እንዲህ ይላል፦

«እናት እጇን በሳሙና ትታጠብ። (መድረሻ 2)
ውሃ ታፍላ። ውሃው ይቀዝቀዝ። (መድረሻ 2)
ከውሃው 1 ሊትር ትለካ። (ማያ 4፦ ጠርሙሱ እስከ ምልክቱ ሲሞላ)
አንድ ሙሉ ፓኬት ትጨምር። (ማያ 5፦ ፓኬቱ ተራግፎ ባዶነቱ ሲታይ)
በደንብ ታማስል። (ማያ 3)»

ቁጥሩ ከድርጊቱ በፊት መነገሩን ልብ በሉ፤ ምን እንደሚያይ አውቆ ነው ዓይኑን የሚያዞረው። የሚጠጣውንም ልክ እንዲሁ ለየሁት። «ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ። ተቅማጥ ባለው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይጠጣ።» ከዚያ ማያ፣ ኩባያው በሩቡና በግማሹ መሃል። ቀጥሎ «ከ2 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ። ከ100 እስከ 200።» አስተርጓሚዋ ትንሹን በአንድ ወገን፣ ትልቁን በሌላ ወገን ታስቀምጣለች፤ ሁለቱ ዕድሜና አራቱ ቁጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ታጭቀው ቢሆን ወገኖቹ ይደባለቁባት ነበር።

በእርግጥ እንዲህ ሲሆን አንድ ደቂቃ አይበቃም። ተራኪው ፈጠን ይበል የሚል ሐሳብ መጣ፤ እሱ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ለሁለት መክፈሉ ይሻላል፦ አንዱ አዘገጃጀቱ፣ ሌላው አጠጣጡ፣ ዚንኩ፣ በ24 ሰዓት ያላለቀውን መድፋትና ልጁ መጠጣት ሲያቅተው፣ ዓይኑ ሲሰረጉድ ወይም ደም ሲቀላቅል ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ሁሉም ፋታ ድምፁ ከመቀዳቱ በፊት ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት። ሥዕሉ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ አስተርጓሚዋን ስቱዲዮ ቢያስገቧት የምትተነፍስበት ቦታ የለም። ኤዲተሩም ዝምታ ሲያይ ባዶ መስሎት ይቆርጠዋል፤ ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ማያ ጎን ምን እንደሚታይ የምጽፈው። ምክንያቱ የተጻፈበትን ፋታ የሚቆርጥ የለም።

የመስኮቷን ነገር ባጭሩ፦ ኦፍኮም የተባለው የእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ከሥዕሉ አንድ ስድስተኛ እንዳታንስ ይላል፤ እኔም ከዚያ አላወርድም። ከአናቷ በላይ ትንሽ ቦታ፣ ከታች ከወገቧ በታች ድረስ፣ ሁለቱም ክርኖቿ ሲዘረጉ ሳይቆረጡ። ፊቷ በደንብ ብርሃን ይኑረው፤ ጥያቄው በቅንድቧ ነው የሚነበበው። ከታች የሚሄደው ጽሑፍ እጇ ላይ እንዳይወጣ ወደ ግራ ይግባ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ሳበቃ ነው ሌላው ሐሳብ የመጣው። ማያ ያልኩትን ፋታ በደንብ የሠራን እንደሆነ መስኮቷን የማያይ ሰውም አዘገጃጀቱን ከሥዕሉ ብቻ ይረዳዋል። ከቆላው ከዓባይ ዳር ያለ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን የሚያስተምረው ያላገኘ፣ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ በሚግባቡበት ምልክት የሚኖር ሰው አለ። ለእሱ የአስተርጓሚዋ እጅ የተራኪው ድምፅ መስማት ለተሳናቸው የት. ጓደኞች እንደሆነው ነው፤ አይደርስም። ታዲያ ሦስተኛ ቅጂ ልጻፍ? ማያው በዝቶ ንግግሩ እጅግ ያነሰበት? ያ ደግሞ ምልክት ቋንቋውን በሚገባ ለሚያውቁት ምክንያቱን፣ «ለምን ሙሉ ፓኬት» የሚለውን፣ ይቀንስባቸዋል፤ ምክንያት ደግሞ ሥዕል ላይ አይወጣም። ነገ ከት. ጋር እንነጋገርበታለን። የቱን ቅጂ ለየትኛው ሰው ማስቀደም እንዳለብን ግን እስካሁን አልቆረጥኩም።