ከአሥር ዘጠኝ ያገኘው ሲቪ

ይህን የምጽፈው ሲቪ ማጣራት ስጀምር የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለቡድናችን የባክኤንድ ፕሮግራመር ልንቀጥር ማስታወቂያ አወጣን፤ ስታካችን ፓይተን፣ ጃንጎ፣ ፖስትግሬስ፣ ሬዲስ፣ ሴለሪና ዶከር እንደሆነ በግልጽ ጻፍን። 63 ሲቪ መጣ። ድግግሞሹን ማውጣትና በፋይል ማደራጀት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ሀብት ክፍሉ የነጥብ መስጫ ቅጽ ሰጠኝ። ቅጹ ላይ አሥር የቋንቋ፣ የፍሬምወርክና የመሣሪያ ስሞች ተዘርዝረዋል፤ ሲቪው ላይ ለተገኘ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ ከሰባት በታች ያገኘ ይወድቃል። ለሁሉም እኩል ስለሚመዝን ፍትሐዊ መሰለኝና ሳልከራከር ተቀበልኩ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ቅጹ ብቻ አይደለም። ኮድ የምጽፍ ሰው ሆኜ ሳለሁ ስም መቁጠርን እንደ ግምገማ መቀበሌ ነው።

ሁለት ሲቪዎችን ላንሣ። የመጀመሪያው ከአሥር ዘጠኝ አገኘ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ፕሮጀክቶች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ሥር የእኛ ስታክ አንድ በአንድ ተደርድሯል። «በክፍያ ሥርዓት ግንባታ ላይ ተሳትፌያለሁ፦ ጃንጎ፣ ሴለሪ፣ ሬዲስ፣ ፖስትግሬስ» ይላል አንዱ። ሁለተኛው ሲቪ አራት ብቻ አገኘ። አመልካቿ የሠራችው በሩቢና በሬይልስ ነው፤ ፓይተን የሚል ቃል የለበትም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ የትዕዛዝ መቀበያ ሥርዓት ላይ ቆይታለች። ከጻፈቻቸው መስመሮች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ትልቁ የትዕዛዝ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ሳይቋረጥ ኢንዴክስ ጨመርኩ። የመጀመሪያው ሙከራ መሐል ላይ ተቋርጦ የማያገለግል ኢንዴክስ ትቶ ስለነበር እሱን አጥፍቼ ደገምኩት።» አነበብኩት፤ ለሲቪ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ መሰለኝና ወደወደቁት ክምር አስገባሁት።

ባለዘጠኙን ቀጠርን። በሦስተኛው ወር ትዕዛዞችን በሁኔታቸው መፈለግ እንዲፈጥን ብሎ ይህን ማይግሬሽን ጻፈ፦

```python
operations = [
    migrations.AddIndex(
        model_name="order",
        index=models.Index(fields=["status"], name="order_status_idx"),
    ),
]
```

ኮዱ ስህተት የለበትም። ላፕቶፑ ላይ ዐይን እስኪጨፈን አልቆየም፤ የገመገመው ባልደረባችንም አሳለፈው። ፕሮዳክሽን ላይ ግን ሠንጠረዡ 90 ሚሊዮን ረድፍ ነበረው። ፖስትግሬስ በዚህ መንገድ ኢንዴክስ ሲሠራ ማንበብን ይፈቅዳል፣ መጻፍን ግን እስኪጨርስ ያግዳል። አዲስ ትዕዛዝ የያዙ ጥያቄዎች ተራ ይዘው ቆሙ፤ የሰርቨሩ ፕሮሰሶች ሁሉ በሚጠብቁ ጥያቄዎች ተያዙ፤ ትንሽ ቆይቶ ማንበብ ብቻ የሚፈልጉት ገጾችም መልስ አጡ። ስድስት ደቂቃ ያህል ትዕዛዝ መቀበል አልቻልንም።

መሆን የነበረበት ይህ ነው፦

```python
atomic = False
operations = [
    AddIndexConcurrently(
        model_name="order",
        index=models.Index(fields=["status"], name="order_status_idx"),
    ),
]
```

ይሄኛው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን መጻፍን አያግድም። በትራንዛክሽን ውስጥ መሄድ ስለማይችልና ጃንጎ ፖስትግሬስ ላይ ማይግሬሽንን በትራንዛክሽን ስለሚጠቀልል የመጀመሪያው መስመር የግድ ያስፈልጋል። መሐል ላይ ከከሸፈ ደግሞ የማያገለግል ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል። ልክ ያቺ አመልካች እንደጻፈችው።

በማግስቱ ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት። የክፍያ ሥርዓቱን ስትሠሩ ማይግሬሽን ወደ ፕሮዳክሽን የሚያወጣው ማን ነበር አልኩት። «ለእኔ የሚመጣልኝ ተቆራርጦ የተሰጠ ሥራ ነበር፤ የሚያወጣው ሌላ ቡድን ነው» አለኝ። አልዋሸም። ሲቪው ላይም ቢሆን የጻፈው «ተሳትፌያለሁ» ብሎ ነው። ያንን ቃል ዘልዬ የመሣሪያዎቹን ስም የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ኋላ አንድ ክፍል ከነችግሩ ለእሱ ብቻ ሰጠነው፤ ዛሬ ጥሩ አድርጎ ይዞታል።

ከዚያ ወዲህ በቅጹ መሙላት ትቻለሁ። ሲቪ ስከፍት የመሣሪያዎቹን ዝርዝር አልፌ መጀመሪያ ረጅሙን ፕሮጀክት አነባለሁ። የምፈልገው ሰውየው ሥራው አገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ ስንት ጊዜ እንደቆየ ነው። የንድፍ ስህተት ዋጋውን የሚያስከፍለው ዳታው ሲበዛና ፍላጎቱ ሲለወጥ ነው፤ በየስድስት ወሩ ፕሮጀክት የሚቀይር ሰው የራሱን ስህተት ሳያይ ይሄዳል። ቀጥሎ ግሦቹን አያለሁ። «ተሳተፍኩ» እና «አገዝኩ» ከሚሉት ይልቅ «ወሰንኩ»፣ «ቀየርኩ»፣ በተለይ «አጠፋሁ» እና «ወደ ነበረበት መለስኩ» የሚሉት ይበልጥ ይነግሩኛል። «ፍጥነቱን በ40 በመቶ አሻሻልኩ» የሚለው ከምን ወደ ምን እንደሆነ ካልተጻፈ አይገባኝም።

ስታኩን የማነጻጽረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም ስም ለስም አላጋጥምም። እንደ ሴለሪ ከበስተጀርባ የሚሮጡ ሥራዎችን በሩቢ የሚያስኬደውን ሳይድኪክን በደንብ የያዘ ሰው ሴለሪን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም፣ ምክንያቱም ዋናው ጣጣ የሁለቱም ነው፦ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊሮጥ ይችላል፣ ስለዚህ ደንበኛው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ተደርጎ መጻፍ አለበት። ይህን በራሱ ላይ ደርሶበት ያወቀ ሰው ፍሬምወርክ ቢቀይርም ይዞት ይመጣል። ከሩቢ ወደ ፓይተንም መንገዱ ቅርብ ነው። ሁሉም ርቀት ግን እንዲህ አይደለም። ሥራው ሜሞሪን በእጅ የሚያስተዳድሩበት ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ የብዙ ዓመት ፓይተን ያንን አይተካም፤ እዚያ ላይ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ዓመት ቆጠራውን ደግሞ ጭራሽ አላምነውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣነው ሌላ ማስታወቂያ የአምስት ዓመት የፋስትኤፒአይ ልምድ ይጠይቅ ነበር፤ ፋስትኤፒአይ ራሱ የወጣው በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ አነባበብም የሚስታቸው ሰዎች አሉ። በኮንትራት የሚሠሩ አሉ፣ የሠሩትን በዝርዝር እንዳይጽፉ ውል ያሰራቸው አሉ፣ ስለራሳቸው ማውራት የማይወዱም አሉ። ስለዚህ የምጠራጠረውን ሲቪ ከመጣሌ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ በስልክ አወራለሁ፤ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ «ፕሮዳክሽን ላይ ካወጣችሁት በኋላ መጀመሪያ የተበላሸው ምን ነበር?» ሥራው የራሱ የነበረ ሰው ወዲያው ወደ ዝርዝሩ ይገባል፣ ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ሞክሮ ያልሠራለትንም ይነግርሃል። ያልነበረው የሥርዓቱን አወቃቀር ያብራራልሃል።

ለዚያች አመልካች የጻፍኩላት ሲቪዋን ከጣልኩ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ተቀጥራለች። በትሕትና አመስግናኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ ስለ ኢንዴክሱ የጻፍኩትን ያን ጊዜ አንብበውት ነበር?

አዎ፣ አንብቤው ነበር አልኳት።