ከነብሉ አሽጌው ነበር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። የሱፍ ነው። ከባድ፣ ግራጫ፣ ዳር ዳሩ ቀይ። ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲያልፍ በትልቅ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ አፉን በፕላስተር ግጥም አድርጌ ዘግቼ ነበር ያስቀመጥኩት። እንዲህ ከታሸገ ምን ይነካዋል ብዬ ዓመቱን ሙሉ ዞር ብዬም አላየሁት። ዛሬ ላስቲኩን ቀድጄ በመስኮቱ ፊት ስዘረጋው ብርሃኑ በ11 ቦታ ሾልኮ ገባ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አብዛኛው ቀዳዳ የእስክርቢቶ ጫፍ ያህላል፣ አንዱ ግን አውራ ጣቴን ያስገባል።

መጀመሪያ ላስቲኩን ነበር የጠረጠርኩት። አገላብጬ አየሁት፣ በመብራት ፊትም ይዤ ፈተሽኩት፣ የተቀደደ ነገር የለውም። ፕላስተሩም እንዳጣበቅኩት ነው። ስለዚህ ብሉ ከውጭ አልገባም። እኔው ነኝ ከነብሉ ያሸግኩት።

ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን የሱፍ ልብስን ማስቀመጥ ማለት መዝጋት ይመስለናል። መዝጋት ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ሳይጸዳ የተዘጋ ልብስ ውስጥ እንቁላል ካለ፣ ላስቲኩ ለብሉ ማንም የማይነካው፣ የማይራገፍ፣ ብርሃን የማይገባው ቤት ይሆንለታል። እንቁላሉ ከመርፌ ራስ ያንሳል፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ክሩ መሃል ሲሆን ደግሞ በዓይን ማግኘት አይታሰብም። አንዷ ሴት ብል 40 ወይም 50 ያህል ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል ሙቀትና ምግብ ካለው በሁለት ወር ገደማ ያድጋል፣ ቦታው ከቀዘቀዘና ምግቡ ከቀነሰ ግን ሁለት ዓመት ድረስ እየተጎተተ ሊቆይ ይችላል። የእኔ ላስቲክ ውስጥ አንድ ዓመት ቢኖር ብዙም አያስገርምም።

ብል መሆኑን እንዴት አወቅኩ? ከትልቁ ቀዳዳ አጠገብ የሸረሪት ድር የሚመስል ስስ ነገር ተለጥፏል። ድሩ ላይ አሸዋ የሚመስሉ ደቃቅ ፍሬዎች አሉ። መጀመሪያ አቧራ መስሎኝ ነበር፣ ግን ግራጫው ላይ ያሉት ግራጫ ናቸው፣ ቀዩ ዳር ላይ ያሉት ደግሞ ቀይ። የትሉ ኩስ ነው። የበላውን ሱፍ ቀለም ይዞ ይወጣል። ድሩን በመርፌ ከፈት ሳደርገው ውስጡ አንድ ነጭ ትል አገኘሁ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ። ብርሃን ሲያገኘው ወዲያው ወደ እጥፋቱ ለመግባት ተጣደፈ።

ልብስ የሚበላው እሱ ነው። የምትበረው ልብስ አትበላም፣ ትልቅ ከሆነች በኋላ ምንም አትመገብም። ቁም ሳጥን ስንከፍት ወርቃማ ነገር ብር ስትል እናያትና በመዳፋችን አጨብጭበን ገድለን እንገላገላለን፣ ግን ብዙውን ጊዜ በአየር ላይ የምትንቀዋለለው ወንዱ ነው። ሴቷ መብረር አታበዛም፣ በእጥፋቱ መሃል እየሮጠች እንቁላል የምትጥልበትን ጨለማ ትፈልጋለች። ማታ አምፖል የምትዞረዋ የእሳት ራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ናት። የልብስ ብል ብርሃን ትሸሻለች።

አሁን ወደ 11ዱ ቀዳዳዎች ልመለስ። ዘጠኙ በአንድ ጫፍ ላይ ናቸው፣ በራስጌ በኩል። አንገትና አገጭ በሚነካበት፣ ላብ በሚጠጣበት፣ ባለፈው ዓመት ታምሜ ተኝቼ ሾርባ በደፋሁበት በኩል ማለት ነው። ያኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩትና ንጹህ መሰለኝ። ለዓይን ንጹህ ነበር። ትሉ ሱፉን የመፍጨት ችሎታ አለው፣ ግን ንጹህ ሱፍ ብቻውን በደንብ አያሳድገውም። ላቡ፣ የቆዳ ቅባቱ፣ የፈሰሰው ምግብ ነው ማጣፈጫው። ለዚህ ነው ሹራብ ስትበላ ኮሌታዋና ብብቷ መጀመሪያ የሚሄደው። "አንዴ ብቻ ነው የለበስኩት" ብለን አጥፈን የምናስቀምጠው ልብስ ለትሉ የተዘጋጀ ገበታ ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ፣ "ናፍታሊን አላደረግሽበትም እንዴ?" አለችኝ። እሷ ሁልጊዜ ናፍታሊን ነው። "ቆይ እማ፣ ይሄ እኮ ለእህቴ ልጅ ነው የሚሄደው" ስላት ዝም አለች።

ናፍታሊን አይሠራም አልልም። የሚሠራው ግን ትነቱ በጥብቅ በታሸገ ነገር ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ተከፍቶ በሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ማድረግ ብሉን አይገድልም፣ የሚተነፍሰው የቤቱ ሰው ነው። ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ፣ በተፈጥሯቸው አንድ የደም ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት መኖራቸው ነው፤ ናፍታሊን በነካው ልብስ ሲጠቀለሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርሳል፣ ቢጫ ሆነው ሆስፒታል የሚገቡ አሉ። የትኛው ሕፃን እንደሆነ ደግሞ ሳይመረመር አይታወቅም። እህቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ስለዚህ ይህ ብርድ ልብስ ናፍታሊን አያይም። ጥሩ ሽታ ያለው እንጨትና ደረቅ አበባም ሰዎች ያስቀምጣሉ፤ ሽታው ቶሎ ይጠፋል፣ ውስጥ ገብቶ ያደገውን ትል አያስወጣውም።

ያደረግኩትን ልጻፍ። መጀመሪያ ውጭ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አራገፍኩት፣ ከዚያ በብሩሽ ሁለቱንም ፊት፣ ስፌቱንና የቀዩን ዳር እጥፋት ጠረግኩ። ድሩ የወጣው በብሩሽ ነው፣ እንቁላሉም የላላው ይረግፋል። ሁሉም ግን አይረግፍም። የቀረውን መግደል አለብኝ።

ሙቅ ውሃ ይገድለዋል፣ ከ50 ዲግሪ በላይ ከሆነና ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ። ችግሩ ሱፉም አብሮ ይሞታል፣ ተኮማትሮ እንደ ካርቶን ይደርቃል። ድራይ ክሊን ማሰጠትም ከእንቁላል እስከ ትል ሁሉንም ይገድላል። እኔ የመረጥኩት ፍሪዘሩን ነው። አንዱን መሳቢያ ባዶ አደረግኩ፣ ብርድ ልብሱን በአዲስ ላስቲክ ከትቼ አየሩን በደረቴ ተጭኜ አስወጣሁና አፉን ዘጋሁ። ጠቅጥቄ አልጠቀለልኩትም፣ ምክንያቱም ሱፍ ራሱ ቅዝቃዜ የማያስገባ ነገር ነው፣ ጥቅሉ ሲወፍር መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆኑን በቴርሞሜትር አየሁ። እዚያ ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ተራው ማቀዝቀዣ፣ መጠጥ የምናስቀምጥበት ማለቴ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ብሉ ሥራውን ያቆማል እንጂ አይሞትም፣ ሲሞቀው ይነሳል።

ሲወጣ ደግሞ መቸኮል የለም። ላስቲኩ እንደተዘጋ አንድ ቀን ሙሉ ማደር አለበት። ወዲያው ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት በቀዘቀዘው ሱፍ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ከተዘጋ ግን ውሃው ላስቲኩ ላይ በውጭ በኩል ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ነው የሚታጠበው። ቅዝቃዜ ገደለ እንጂ አላጸዳም፣ ላቡና የሾርባው ቅሪት እዚያው ነው፣ እንዲሁ ባስቀምጠው ሌላ ብል መጥታ ትጥልበታለች። ለብ ያለ ውሃ፣ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ለሱፍ የሚሆን ለስላሳ ሳሙና። በረኪና በፍጹም፣ ሱፍን ያሟሟዋል። ማሸትና መጠምዘዝም የለም። ውሃው ውስጥ ጫን ለቀቅ እያደረግኩ አጥበዋለሁ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ውሃውን እመጥጠዋለሁ፣ ከዚያ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ላዩ ደረቀ ብዬ አላምነውም፣ ሁለት ሦስት ቀን እሰጠዋለሁ። እርጥበት ይዞ ከታሸገ ሻጋታ ያበቅላል።

ቁም ሳጥኑንም ባዶ አደረግኩት። በአቧራ መሳቢያ ማሽን የመደርደሪያውን ጥግ፣ የማጠፊያውን ስንጥቅ፣ ከሥሩ ያለውን ወለል ሁሉ አስሳብኩ። እዚያ የተከማቸው ጸጉርና የልብስ ብናኝ ብቻውን ጥቂት ትል ይቀልባል። የማሽኑን ከረጢት ወዲያው ውጭ ደፋሁ፣ ቤት ካደረ የገባው ተመልሶ ይወጣል።

እዚያ ሳጸዳ ሌላ ነገር አገኘሁ። የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለች ሹራቤ ሦስት ቀዳዳ አላት፣ ድር ግን የለባትም። በምትኩ እጇ ውስጥ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ሸንተረር ያለው ባዶ ቅርፊት አገኘሁ፣ ሩዝ የማታህል። ይህ ብል አይደለም፣ የምንጣፍ ጥንዚዛ ትል እያደገ ሲሄድ ጥሎት የሄደው ቆዳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱ ደፍ ላይ የማያቸው፣ ሦስት ሚሊሜትር የማይሞሉ፣ ክብ፣ ዝንጉርጉር ጥንዚዛዎች ወላጆቹ ናቸው ማለት ነው። እነሱ እንደ ብል ብርሃን አይሸሹም፣ አድገው ወደ መስኮት የሚመጡት ወጥተው የአበባ ዱቄት ሊበሉ ነው። ትሎቻቸው ደግሞ ከሱፍ ሌላ የሞተ ዝንብም፣ ላባም፣ ጸጉርም ይበላሉ። ስለዚህ ልብሱን ብቻ አጽድቼ አልጨርስም፣ የመስኮቱን ደፍና የምንጣፉን ዳር፣ ሶፋው ሥርም ጭምር ማስሳብ አለብኝ። ለብል የሚሸጠው የሚያጣብቅ ወጥመድም ለእነሱ አይሠራም፤ የሴቷን ብል ሽታ ይዞ ወንዱን ብቻ ነው የሚጠራው። ለብልም ቢሆን መኖሯን ይነግረኛል እንጂ አይጨርሳትም። ሹራቧ ከብርድ ልብሱ ጎን ፍሪዘር ገብታለች።

አዲሱ ላስቲክ ላይ የገባበትን ቀንና የሚወጣበትን ቀን ጽፌያለሁ። ለእማዬ መልሼ ደውዬ የቀዳዳዎቹን ስፋት ነገርኳት። ትንንሾቹን እሷ ትጠቅማቸዋለች፣ ለትልቁ ግን ክር ያስፈልጋል አለች። ከዚያ ብርድ ልብስ የተረፈ ቀይ ሱፍ ክር እሷ ጋ አለ። የት እንዳስቀመጠችው ስጠይቃት "በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ" አለችኝ።

"እማ፣ ሳትከፍቺው ፍሪዘር አስገቢው።"