«የስ» ብዬ ጉድ ልሆን የነበረበት ኢንተርቪው

የአሜሪካ ዜግነት ቀጠሮዬ ሲደርስ ያስፈራኝ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄው ነበር። እሱን መኪና ስነዳ እየሰማሁ ሸመደድኩት። ያልተዘጋጀሁት ለራሴ ፎርም ነው። ኦፊሰሯ ኤን-400 በሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ላይ የሞላሁትን እያነሳች በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ የመናገር ችሎታህ የሚለካውም እዚያው ላይ ነው።

ቀኝ እጄን አንስቼ እውነቱን ለመናገር ማልኩ። ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፤ እስከዚህ ሰላም ነው። ቀጥሎ «ሃቭ ዩ ኤቨር» እያለ የሚጀምረው የጥያቄ መዓት መጣ። ሦስት አራት ጊዜ «ኖ» ካልኩ በኋላ፣ ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ አጠያየቋን ገለበጠችው።

«ሶ፣ ዩ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ?»

«የስ!» አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

በአማርኛ «ታስረህ አታውቅም?» ስንባል «አዎ፣ አላውቅም» እንላለን። «አዎ» የምንለው ጠያቂው ልክ ነው ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያቺ ብቻዋን የቀረች «የስ» «ታስሬያለሁ» ልትመስል ትችላለች። ወዲያው «ሶሪ። ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ» ብዬ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲያ «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ ብዬ አላቆምኩም፤ አጭር ዓረፍተ ነገር አስከትል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ «ቶታሊታሪያን» የሚል ቃል መጣ። «ፕሊስ ሪፒት» አልኳት። ያንኑ ቃል ቀስ ብላ ደገመችው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጆሮዬማ ሰምቷል፣ ትርጉሙን ነው ያላወቅኩት። ስለዚህ «አይ ዶንት ኖው ዚስ ወርድ። ካን ዩ ሰይ ኢት አናዘር ዌይ፣ ፕሊስ?» አልኩ። አንድ ፓርቲ ሁሉን የሚቆጣጠርበት መንግሥት እንደሆነ በቀላል እንግሊዝኛ ነገረችኝ። «ኖ፣ አይ ዋዝ ኔቨር ኤ ሜምበር» ብዬ አለፍኩ።

አንድ ጓደኛዬ አፍሮ ሳይጠይቅ ሁሉንም «ኖ» እያለ ሲያልፍ፣ ኦፊሰሩ የአንዱን ቃል ትርጉም ጠየቀው። ዝም አለ። ሌሎችም እንዲሁ ሆኑበትና ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ እንዲፈተን ተቀጠረ። መጠየቅ ይፈቀዳል፣ ግን ልክ አለው፤ በሌላ አነጋገር ተነግሮህም ጥያቄዎቹ ካልገቡህ ቋንቋውን አልቻልክም ማለት ነው። ስለዚህ የፎርሙን ከባድ ቃላት እቤት መጨረስ ነው።

አሁን ተራው የባለቤቴ ነው። ማታ ማታ ቡና ስታፈላ ጥያቄዎቹን ገልብጬ እጠይቃታለሁ። «ዩ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ?» ስላት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ» ትለኛለች። እሱንማ ኦፊሰሩ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ይጻፈው?