በሚቆራረጥ ኔት ኢሜይል ማስተዳደር፦ ከባዱን መልእክት ለይቶ ማውረድ

በየጥቂት ደቂቃው በሚቋረጥ መስመር ላይ የኢሜይል ሳጥኔን ያለ ብዙ ጣጣ ማስተዳደር በመቻሌ፣ የደረስኩበትን በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ላላችሁ ላካፍል ወደድኩ። የመጀመሪያው እርምጃ አጭር ነው፤ ኢሜይልን በብራውዘር መክፈት ትቼ ተንደርበርድ የተባለውን ፕሮግራም ጫንኩ፣ አካውንቱንም መልእክቶቹን ሰርቨሩ ላይ እያቆየ ቅጂያቸውን በሚያመጣው፣ አይማፕ በተባለው መንገድ አገናኘሁ። አንዴ የወረደ መልእክት ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጥ መስመሩ ቢጠፋም ይነበባል። መልእክቱን ወደ አንድ ኮምፒውተር በሚያወርደው በሌላው መንገድ፣ በፖፕ፣ ተጠቅመው ራስጌውን ብቻ የሚያመጣውን «Fetch headers only» የሚለውን ምርጫ የሚያወድሱ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ኢሜይሉን በስልክም በኮምፒውተርም ለሚያይ ሰው ፖፕን አልመክርም፤ የተነበበውንና ያልተነበበውን በሰርቨሩ ላይ ለይቶ የሚይዘው አይማፕ ነው።

ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ተንደርበርድ በአይማፕ ሲሠራ ካልከለከሉት በስተቀር የእያንዳንዱን መልእክት ሙሉ ይዘት ከነአባሪው ሊያወርድ ይሞክራል። አንድ ሰው በድምሩ 6 ሜጋባይት የሚሆኑ ፎቶዎችን ላከልኝ እንበል። አባሪ በኢሜይል የሚጓዘው ወደ ፊደላት ተቀይሮ ስለሆነ መጠኑ በሲሶ ያህል ያድግና ከ8 ሜጋባይት ያልፋል። መስመሩ በሰከንድ 20 ኪሎባይት የሚያወርድ ከሆነ ይህ ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ግንኙነቱ በየ5 ደቂቃው የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ መቼም አይጠናቀቅም፤ ከተቋረጠበት መቀጠል ስለማይችል በእያንዳንዱ ሙከራ ከዜሮ ይጀምራል። ችግሩ ይህ መሆኑን ለማወቅ ከመስኮቱ ግርጌ ያለውን የማውረጃ ቆጠራ መመልከት ይበቃል፤ ኔቱ በተመለሰ ቁጥር ቆጠራው ተመልሶ አንድ መልእክት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ መንገዱን የዘጋው ያ መልእክት ነው።

ራስጌው ግን ሌላ ነገር ነው። ላኪውን፣ ርዕሱን፣ ቀኑንና መጠኑን የያዘው ይህ ክፍል ለአንድ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ በዚያው ደካማ መስመር የ100 መልእክቶች ዝርዝር በ10 ሰከንድ ገደማ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔውም ራስጌው ሁሉ እንዲወርድ፣ ይዘቱ ግን ቀላል የሆነው ብቻ እንዲከተል ማድረግ ነው። በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥ «Synchronization & Storage» የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ «Don't download messages larger than» በሚለው መስመር ላይ ምልክት አድርጎ ገደቡን በኪሎባይት መጻፍ ነው። ተዘጋጅቶ የሚገኘው 50 ለእኔ ጠባብ ነው፤ ምንም አባሪ የሌላቸው ግን በቀለምና በሰንጠረዥ ያጌጡ መልእክቶች በቀላሉ ያልፉታል። እኔ 150 ላይ አድርጌዋለሁ። በዚያው ገጽ በ«Advanced» በኩል የትኞቹ አቃፊዎች ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚቀመጡ ይመረጣል፤ ከገቢ ሳጥኑና ከሥራ አቃፊዬ በቀር ሁሉንም አጥፍቻለሁ፣ አልናፈቁኝም።

ከገደቡ በላይ የሆነው መልእክት በዝርዝሩ ላይ ይታያል እንጂ ኔት በሌለበት ሲከፍቱት ይዘቱ እንዳልወረደ የሚገልጽ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መስመር ሳይኖር ተረጋግቼ ርዕሶቹን አነብባለሁ፣ «Size» የሚለውን ዓምድም አብሬ አያለሁ፣ በእርግጥ ለምፈልጋቸው ኮከብ አደርጋለሁ። መስመሩ የተሻለ በሚሆንበት ሰዓት፣ እኔ ዘንድ በማለዳ፣ ከ«File» ማውጫ «Offline» ውስጥ «Get Starred Messages» የሚለውን እጫናለሁ። ማውጫው ካልታየ «Alt» ቁልፍን መጫን ያወጣዋል። ይህች ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ሁሉ የምወዳት ናት፤ የትኛው ከባድ መልእክት እንደሚወርድ የምወስነው እኔ እንድሆን አድርጋለች። እውነቱን ለመናገር ግን 20 ሜጋባይት ለሚደርስ አባሪ ይህም አልበቃኝም፤ ላኪው በትንንሹ ከፋፍሎ እንዲልክልኝ እለምናለሁ።

መላክን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኔት በሌለበት የተጻፈው በ«Send Later» ወደ «Outbox» ይገባና መስመሩ ሲመለስ ከ«File» ማውጫ «Send Unsent Messages» በሚለው ይላካል። ነገር ግን ተንደርበርድ መልእክቱን ለተቀባዩ ከላከ በኋላ፣ ቅጂውን በሰርቨሩ ላይ ባለው «Sent» አቃፊ ለማስቀመጥ ያንኑ አባሪ ዳግመኛ ይጭነዋል። መልእክቱ ደርሶ ሳለ መስኮቱ አልዘጋ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ተቻኩሎ እንደገና መላክ ተቀባዩ ሁለት ጊዜ እንዲደርሰው ያደርጋል። እኔ «Copies & Folders» በሚለው ገጽ ቅጂው በ«Local Folders» ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ። የዚህ ዋጋው ከኮምፒውተሩ የላክሁት በስልኬ ላይ አለመታየቱ ነው። እንደ ጂሜይል ያሉ አገልግሎቶች ግን ቅጂውን በራሳቸው ስለሚያስቀምጡ፣ የእነሱ ተጠቃሚ በዚያው ገጽ ያለውን «Place a copy in» የሚለውን ምልክት ማንሳት ይበቃዋል።