ወተቱ ለምን ተመለሰ? ፓሬቶ፣ የዓሣ አጥንትና ኮንትሮል ቻርትን የመምረጥ ልምምድ

ሰላም ጓዶች። ባለፈው ስለ መቁጠሪያ ቅጹ ጽፌላችሁ ነበር። ዛሬ ደግሞ የጥራት ቁጥጥር ስልጠናው ላይ ብዙዎቻችንን ግራ ወዳጋባው ጥያቄ ልግባ። አንድ ችግር በሁለት ሦስት መስመር ይጻፍና «የትኛው መሣሪያ ይስማማል?» እንባላለን። ፓሬቶ ቻርት፣ የዓሣ አጥንት ሥዕል ወይስ ኮንትሮል ቻርት? ስናነበው ሦስቱም የሚያስኬዱ ይመስላሉ። እኔ አሁን የችግሩን ዓይነት ትቼ ጠያቂው ማወቅ የፈለገውን ነው የምፈልገው። «ከየቱ እንጀምር?» ከሆነ ምክንያቶችን ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚደረድረው ፓሬቶ ነው። «ምን ሊያመጣው ይችላል?» ከሆነ ችግሩን ጭንቅላቱ ላይ፣ ምክንያቶቹን አጥንቶቹ ላይ የምንጽፍበት የዓሣ አጥንት ነው። «ዛሬ የተለየ ነገር ተፈጥሯል ወይስ እንደወትሮው ነው?» ከሆነ የየቀኑን ቁጥር በላይኛውና በታችኛው ወሰን መካከል የምናይበት ኮንትሮል ቻርት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሥራ ላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚወሳሰብ ግን ከራሴ ቤት ላሳያችሁ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ ወተት መሰብሰቢያ ነው። ጠዋት ገበሬዎችና ሰብሳቢዎች ወተት ያመጣሉ። ውሃ መጨመሩን ለማወቅ በላክቶሜትር እንለካለን፣ መርጋቱን ለማየት አልኮል ቴስት እናደርጋለን፣ ያለፈውን እንረከባለን፣ የወደቀውን እንመልሳለን። በቀን 100 ያህል ርክክብ አለ። የአንድ ወር መዝገብ ስንደምር 100 ጊዜ ወተት መልሰናል። በ25 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 4 ነው። ቁጥሩን ለመጻፍ እንዲመች ትንሽ አጠጋግቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየቱ ምክንያት እንጀምር?» ነበር። ስለዚህ ፓሬቶ። ውሃ የተጨመረበት 52 ጊዜ፣ አልኮል ቴስት የወደቀ 30፣ ቆሻሻ የተገኘበት 11፣ ሌላ 7። ከትልቁ ወደ ትንሹ ደረደርኳቸው፣ ከላይ የድምሩን መስመር ሳልኩ፣ አለቀ። የሁሉም ዓይን ውሃው ላይ አረፈ። አንድ ሁለት ሰው «አላልንም? ገበሬው ነው» ማለት ጀመረ።

ነገር ግን ፓሬቶ የቆጠራችሁለትን ነገር ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። እኔ የቆጠርኩት ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ነው። ድርጅቱ የሚከስረው ግን በሊትር ነው። ያንኑ መዝገብ በሊትር ሳሰላው ሥዕሉ ተገለበጠ። ውሃ የተጨመረበት አብዛኛው ከአንድ ቤት የመጣ አምስትና ስድስት ሊትር ነው። ተደምሮ 310 ሊትር ሆነ። አልኮል ቴስት የወደቀው ግን ሰብሳቢዎች በትልቅ ዕቃ የሚያመጡት ነው። 30 ጊዜ ብቻ ቢሆንም 900 ሊትር ነበር። ቆሻሻው 60፣ ሌላው 30፣ ጠቅላላው 1300። ከተመለሰው ወተት 69 በመቶው አንድ ምክንያት ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ፈተና ላይም ሆነ ሥራ ላይ ፓሬቶ ስትመርጡ ቀጥሎ «በምን ልቁጠር?» በሉ። በጊዜ ብዛት፣ በሊትር ወይስ በብር? መልሱ የሚጀመርበትን ቦታ ይለውጣል።

ፓሬቶ ከዚህ አያልፍም። አልኮል ቴስቱ ለምን እንደሚወድቅ አይነግራችሁም። ጥያቄው ተለወጠ፣ መሣሪያውም ይለወጣል።

የዓሣ አጥንቱን የሠራነው ሻይ ሰዓት ላይ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነው። ጭንቅላቱ ላይ «ጥራት የሌለው ወተት» ብለን ብንጽፍ ኖሮ አጥንቶቹ ላይ የዓለምን ችግር ሁሉ እንሰቅልበት ነበር። እኛ «ከጫጫ መስመር በትልቅ ዕቃ የሚመጣው ወተት አልኮል ቴስት ይወድቃል» ብለን ጻፍን። ጭንቅላቱ ሲጠብ ወሬውም ይጠብባል። ከዚያ ሰው፣ አሠራር፣ ዕቃ፣ ወተቱ ራሱ፣ አካባቢ፣ መለኪያ የሚሉትን ዋና አጥንቶች ሳልን።

አሠራር ላይ የማታና የጠዋት ወተት መቀላቀሉ ተነሳ። አንዱ «እዚህ ብርድ ስለሆነ ወተት ቢያድርም ምንም አይሆንም» አለ። እውነት ነው፣ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ይቆረጥማል። ግን ወተት ከላሟ ሲወጣ በግምት 37 ዲግሪ ነው። 30 ሊትር በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ እሳት በሚነድበት ቤት ሲያድር ቶሎ አይበርድም። የውጭው ብርድ ዕቃው ውስጥ አልገባም። ይህን «አሠራር» ሥር ጻፍነው፣ «አካባቢ» ሥር ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት።

ከሁሉ የጠቀመን ግን መለኪያ የሚለው አጥንት ነው። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው እሱ ነው። ርክክብ ላይ ለዓመታት የሠሩ አንድ እናት አሉ፤ እትዬ እንላቸዋለን። «አንተ ልጅ፣ የረጋ ሁሉ ኮምጣጣ ነው ያለህ ማነው? እንገርም ይረጋል እኮ» አሉኝ። ልክ ናቸው። አልኮል ቴስት ወተትና አልኮልን እኩል ቀላቅሎ ቅንጣት መኖሩን ማየት ነው። ወተት ሲኮመጥጥ ይረጋል። ነገር ግን አዲስ የወለደች ላም እንገር፣ የጡት በሽታ ያለባት ላም ወተት ሳይኮመጥጥም ሊረጋ ይችላል። አልኮሉ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ከሆነም ደህናውን ወተት ይጥላል። ስለዚህ በእኔ ፓሬቶ ላይ «የኮመጠጠ» ተብሎ ሊጻፍ የነበረው ረድፍ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ሊደባለቅ ይችላል። እነሱን ለመለየት የወደቀውን ወተት የአሲድ መጠን በተጨማሪ መለካት ያስፈልጋል።

ልብ በሉ፣ የዓሣ አጥንት ላይ የተጻፈ ነገር ግምት ነው። ብዙ ሰው የተስማማበት አጥንት እውነት አይሆንም። ሰብሳቢው የማታውንና የጠዋቱን ወተት ለየብቻ እንዲያመጣ አድርገን ሁለቱንም ለየብቻ መርምረናል። የማታው በተደጋጋሚ ሲወድቅ የጠዋቱ አለፈ። አጥንቱ ላይ ምልክት ያደረግንበት ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ብዙ የቆየሁትም እዚህ ላይ ነው።

በቀጣዩ ወር አንድ ቀን 8 ወተት ተመለሰ። የወትሮው 4 ስለሆነ እጥፍ ነው። ኃላፊያችን ስብሰባ ጠራ፣ ተረካቢዎቹን ተቆጣ፣ አንዱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በማግሥቱ 3 ብቻ ተመለሰ። «አያችሁ? ስብሰባው ሠራ» ተባለ። እንዲህ ያለ ችግር ተጽፎ ቢሰጣችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ብዙዎቻችን የዓሣ አጥንት ብለናል፣ «ለምን እጥፍ ሆነ?» የሚል ስለሚመስል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ እላለሁ። በእርግጥ የተለየ ነገር ተፈጥሯል? እሱን የሚመልሰው ኮንትሮል ቻርት ነው።

እያንዳንዱ ርክክብ አለፈ ወይም ወደቀ ስለሚባል፣ የወደቀውን ድርሻ የሚከታተለውን ዓይነት ተጠቀምኩ። ስሌቱ አያስፈራም። አማካዩ 4 በመቶ ነው፣ በቀን 100 ርክክብ አለ።

0.04 × 0.96 ÷ 100 = 0.000384

ሥሩ (√) 0.0196 ነው። በ3 ሲባዛ 0.0588፣ ማለትም 5.88 በመቶ። ከ4 ጋር ስደምረው የላይኛው ወሰን 9.88 በመቶ ሆነ። ከ4 ላይ ስቀንሰው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ታችኛው ወሰን ዜሮ ነው። ትርጉሙ፣ ምንም ነገር ባይለወጥ እንኳ በአንድ ቀን እስከ 9 ድረስ ሊመለስ ይችላል። 8ቱ የተለመደው መዋዠቅ ውስጥ ነው። በማግሥቱ 3 የሆነውም ስብሰባው ስለሠራ ሳይሆን፣ ከፍ ያለ ቀንን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አማካዩ የሚጠጋ ቀን ስለሚከተለው ነው። ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ልጅ ነገሩ ያሳዝናል።

በዚያው ወር አንድ ቀን 13 ተመለሰ። ይህ ከወሰኑ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ሰፊ የዓሣ አጥንት መሳል ጊዜ ማባከን ነው። የሚጠየቀው «ያን ቀን ምን ተለየ?» ነው። ያን ጠዋት የሰብሳቢው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወተቱ ፀሐይ ላይ ቆይቷል፤ ጉዳዩ እዚያው ተቋጨ። ከወሰን ውስጥ ላለው መዋዠቅ ግን አንድ ቀን ነጥሎ መመርመር ፋይዳ የለውም። 4 በመቶውን ራሱን ዝቅ ለማድረግ አሠራሩን መለወጥ ያስፈልጋል፣ የዓሣ አጥንቱም የሚጠቅመው ያኔ ነው። ሦስቱን መሣሪያዎች የሚያገናኛቸው ይሄ ይመስለኛል።

ኃላፊያችን ቻርቱን ሲያይ «ዒላማችን 2 በመቶ ነው፣ ወሰኑን እዚያ ላይ አድርገው» አለኝ። በትህትና አልቀበልም አልኩ። ወሰኑ ከራሱ ከሥራው መዝገብ ይወጣል፣ እኛ ከምንመኘው አይወጣም። 2 በመቶን ወሰን ብናደርግ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጥፋተኛ ፍለጋ እንወጣለን። ዒላማውን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፣ ተስማማን።

አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር። በሁዳዴ ወተት የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል፣ ገበሬውም ቅቤ ማውጣት ይመርጣል። ርክክቡ ወደ 50 ሲወርድ ወሰኑም ይለወጣል። ያንኑ ስሌት በ50 ብትሠሩት የላይኛው 12.3 በመቶ ይሆናል። ከ50 ውስጥ 6 ቢመለስ 12 በመቶ ነው፣ ያስደነግጣል፣ ግን አሁንም ውስጥ ነው። የጾምና የፍስክ ቀንን በአንድ ቀጥ ያለ ወሰን ማየት የሌለ ማንቂያ ይፈጥራል። ፓሬቶውንም ቢሆን የሁዳዴን ለብቻ አውጡት፣ ወተት ሳይሸጥ ስለሚቆይ የምክንያቶቹ ድርሻ ሊለይ ይችላል።

አሁን ሰብሳቢዎቹ የማታውን ወተት ለየብቻ ያመጣሉ። ነጥቦቹ ከ4 በታች እየተደረደሩ ነው። በእኛ መመሪያ በተከታታይ 8 ነጥብ ከአማካዩ በአንድ ወገን ከሆነ ሥራው ተለውጧል ብለን እንወስዳለን። ያኔ አዲስ አማካይና አዲስ ወሰን አወጣለሁ። ስምንት ሳይሞላ ግን አሮጌው መስመር እዚያው ይቆያል፣ ኃላፊያችን በየጠዋቱ ቢጠይቀኝም።