«በተደጋጋሚ እንደገለጽኩት»፦ አምስት ኢሜይል የፈጀ አንድ ሰነድ

ጉዳዩ የተጀመረው በአንድ መስመር ነው። የሂሳብ ክፍል ባልደረባዋ ለአንድ አቅራቢ ክፍያ ለመፈጸም የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ያስፈልጋት ነበር፤ ክፍያው የሚወጣው ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ለመጋዘን ኃላፊው እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ሰላም፣ የካርቶኖቹን መረከቢያ ልትልክልኝ ትችላለህ? አመሰግናለሁ።» ከሰዓት በኋላ ከሲስተሙ የወጣ ዝርዝር «ተያይዟል» ከምትል አንዲት ቃል ጋር ደረሳት። ዝርዝሩ ፊርማ የለውም። እሷ የምትፈልገው ደግሞ አስረካቢውና ተረካቢው የፈረሙበትን ነው።

እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም። ጥያቄው በደንብ አልተዘረዘረም፣ መልሱም አጭር ነበር፣ በቃ። ነገሩ የጠመመው ረቡዕ ጠዋት ነው።

«ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ እንደገለጽኩት የሚያስፈልገው የተፈረመው ሰነድ ነው። ምናልባት ኢሜይሌ በሚገባ አልተነበበ ይሆናል። እባክዎን ዛሬውኑ ይላኩልን።» በግልባጭ የክፍሉ ሥራ አስኪያጅ ገብቷል።

ኃላፊው ከሰዓት በኋላ መለሰ፦ «በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ የተፈረመ የሚል ቃል የለም። ለወደፊቱ የምትፈልጉትን በግልጽ ብትጽፉ ሁላችንም ጊዜ እንቆጥባለን።» ሐሙስ ጠዋት ከእሷ አምስተኛው መጣ፦ «ስለ ማብራሪያው እጅግ አመሰግናለሁ። ክፍያው ቢዘገይ ኃላፊነቱ የሂሳብ ክፍል እንደማይሆን ከወዲሁ ለመግለጽ እወዳለሁ።»

በእነዚህ ሦስት ኢሜይሎች ውስጥ አንድም ስድብ የለም። ቃላቱን ለየብቻ ብታነሷቸው ሁሉም ጨዋ ናቸው። አሽሙር የሚሠራውም እንዲሁ ነው፤ ተናጋሪው «ምን አልኩ?» ብሎ የሚወጣበት በር ይተውለታል፣ ሰሚው ግን ጉሸማው ይሰማዋል። ስለዚህ ሲታረም «የትኛው ቃል ነው መጥፎ?» ብሎ መፈለግ ብዙም አይጠቅም። የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገሩ ከመረጃው በላይ ምን ሥራ እንደተሰጠው ማየት ነው።

«በተደጋጋሚ» የሚለውን እንውሰድ። ባልደረባዋ በኢሜይል የጠየቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማክሰኞ በስልክ አንስታው ሊሆን ይችላል፣ በኢሜይል ልውውጡ ክር ላይ ግን የለም። ኃላፊው ይህን ሲያነብ ያደረገው ሰነዱን መፈለግ ሳይሆን ወደ ላይ ወጥቶ መቁጠር ነው። ቆጥሮም አንድ አገኘ፣ «የተፈረመ» የሚለውን ቃልም አጣው፤ መልሱም ሙሉ በሙሉ ስለ ቆጠራው ሆነ። ከሥራው ርቆ ወደ ክርክር የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እንዲህ ባለ መጠን በሚያጋንን ቃል ነው፦ በተደጋጋሚ፣ ሁልጊዜ፣ እንደተለመደው፣ አሁንም። በቦታቸው ቀን ቢገባ ክርክሩ የሚቆምበት መሬት ያጣል። «ሰኞ የደረሰኝ ዝርዝር ፊርማ የለውም፤ ለክፍያ የሚያስፈልገኝ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙበት ነው» ብትል ኖሮ ያው መረጃ ይተላለፍ ነበር፣ የሚቆጠር ነገር ግን አይኖርም።

«አልተነበበ ይሆናል» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አድራጊው የጠፋበት ግሥ በአማርኛ ጨዋነት ነው፤ ሰውየውን በስሙ ከመክሰስ ያድናል። እዚህ ግን ኢሜይሉ የተላከው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ያላነበበው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አድራጊውን መደበቅ ክሱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር አይታረምም፣ ይወጣል። ሲወጣ የሚጎድል መረጃ ከሌለ ከመጀመሪያውም ሥራው ጉሸማ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የመጠሪያ ለውጡን ነው። ሰኞ «ልትልክልኝ ትችላለህ» ነበር፣ ረቡዕ «እባክዎን ይላኩልን» ሆነ። አንቱታው በራሱ ክብር ነው፤ አንተ ሲባባሉ በኖሩ ሰዎች መካከል በክር መሃል ድንገት ሲመጣ ግን በር መዝጋት ነው። «ላክልኝ» ወደ «ይላኩልን» ሲያልፍም አንዲት ባልደረባ ጠፍታ አንድ ክፍል ቆመ። እሱም በበኩሉ «የምትፈልጉትን» ብሎ በብዙ ቁጥር መለሰላት። ኢሜይል የምታርሙ ከሆነ በሰላሙ ጊዜ የነበረውን መጠሪያ ከክሩ መጀመሪያ ፈልጋችሁ ወደዚያው መልሱት። ሌላ አንድ ቃል ሳይቀየር የድምፁ ግማሽ በዚህ ብቻ ይስተካከላል።

ኃላፊው ሐሙስ ረፋድ ላይ ስድስተኛውን ጻፈ፤ ከመላኩ በፊት ግን አጠገቡ ለተቀመጠው የግዢ ባልደረባ አሳየው። ረቂቁ ይህ ነበር፦

«ኢሜይልዎ ደርሶኛል። ሰነዱን ሰኞ ዕለት ልኬልዎት ነበር። የተፈረመ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ኃላፊነትን በተመለከተ ሁሉም የራሱን ድርሻ ቢያስብበት መልካም ነው። የተፈረመው ሰነድ ተያይዟል።»

የግዢ ባልደረባው መጀመሪያ ያደረገው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ምልክት መለየት ነው፦ የሆነ ነገር የሚናገር፣ የሆነ ነገር የሚጠይቅ፣ ከሁለቱም ያልሆነ። የመጀመሪያው ዓይነት ሦስት ተገኘ፤ ኢሜይሏ መድረሱ፣ ሰኞ መላኩና አሁን የተፈረመው መያያዙ። የሚጠይቅ አንድም የለም። ሦስተኛውና አራተኛው ዓረፍተ ነገር ከሁለቱም ውጭ ስለሆኑ ወጡ። «ልኬልዎት ነበር» የሚለው አልወጣም፣ ግን «ነበር»ን ተጠራጠረው። በዚህ ቦታ «ነበር» ጊዜን አይናገርም፤ «እኔ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ይላል። «ብትልክልኝ ጥሩ ነው» እና «ብትልክልኝ ጥሩ ነበር» ምን ያህል እንደሚራራቁ ጮክ ብሎ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንደኛው ልመና ነው፣ ሁለተኛው ወቀሳ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ከዚያ ጠየቀው፦ «ሰነዱን ስትከፍተው ምን ታያለች?»

የጉዳዩ ሁሉ እምብርት የወጣው እዚህ ላይ ነው። የአቅራቢው ኢንቮይስ 240 ካርቶን ይላል፤ መጋዘኑ የተረከበው 228 ነው። 12ቱ ውኃ ነክቷቸው ስለነበር በርክክቡ ዕለት ተመልሰዋል፣ በተፈረመው ሰነድ ሁለተኛ ገጽ ላይም በእጅ ተጽፏል። ኃላፊው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም። በአምስቱ ኢሜይሎች ውስጥ ስለ 12ቱ ካርቶኖች አንድ ቃል የለም። ረቂቁ እንዳለ ቢላክ ሰነዱን ከፍታ ቁጥሩ አልገጥም ሲላት ሰባተኛው ኢሜይል ይከተላል፤ ድምፁ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ነው አሽሙርን ማውጣት ብቻውን የማይበቃው። ጉሸማው ሲነሳ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ያ ቦታ ቀድሞ መነገር የነበረበት መረጃ ነው። የተላከው ይህ ነው፦

«ሰላም፣ የተፈረመውን የመረከቢያ ሰነድ አያይዣለሁ። ሰኞ የላክሁት ፊርማ የሌለው የሲስተም ዝርዝር ስለሆነ በዚህ ይተካ።

ኢንቮይሱ 240 ካርቶን ይላል፣ የተረከብነው ግን 228 ነው። 12ቱ ውኃ ነክቷቸው ተመልሰዋል፤ ሰነዱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ።

ከመጋዘን በኩል የሚቀርሽ ሌላ ነገር ካለ ዛሬ እስከ 10 ሰዓት ብትነግሪኝ ከመውጣቴ በፊት እልክልሻለሁ።»

ይቅርታ የለበትም፣ ምስጋናም አልተጨመረበትም። ሆን ተብሎ ነው። ከአምስተኛው ኢሜይል «እጅግ አመሰግናለሁ» በኋላ በዚህ ክር ላይ የሚጨመር ማር ሁሉ ኮምጣጤ ሆኖ ነው የሚነበበው። «ቅር ብሎሽ ከሆነ ይቅርታ» የሚለውም ያው ነው፤ ጥፋቱን ቅር ባላት ሰው ላይ ያስቀምጠዋል። «ፊርማ የሌለው ስለሆነ በዚህ ይተካ» ማለቱ ስህተቱን በስሙ ጠርቶ አስተካክሎታል፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ የለም።

ግልባጩ ላይ ሁለቱ ተነጋገሩበት። ኃላፊው ሥራ አስኪያጁን ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። የግዢ ባልደረባው ግን ተወው አለው፤ ጭቅጭቁን ያየ ሰው መፍትሔውንም በዚያው ክር ላይ ማየት አለበት፣ አለበለዚያ በእሱ አእምሮ ጉዳዩ ሐሙስ ጠዋት ላይ እንደቆመ ይቀራል። አዲስ ሰው የሚጨመር ከሆነ ደግሞ ለምን እንደተጨመረ በአንድ ሐረግ ቢጻፍ ማስፈራሪያነቱ ይጠፋል፦ «የክፍያውን ቀን የሚወስነው እሱ ስለሆነ በግልባጭ አስገብቼዋለሁ።»

የባልደረባዋ አምስተኛ ኢሜይል በዚሁ መንገድ ቢታይ ከስር እውነተኛ ሥጋት አለበት፣ ያ ሥጋት ሊለሳለስ አይገባም። ብዙ አራሚ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዛቻውን ሲያወጣ ቀነ ገደቡንም አብሮ ያወጣዋል፣ «በተመቸህ ጊዜ ብትልክልኝ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ዓርብ ግን በተመቸው ጊዜ አይመጣም። ኃላፊነት የሚለውን ቃል ሳይነኩ ነገሩን በሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል፦ «የተፈረመው ሰነድ ሐሙስ እስከ 10 ሰዓት ከደረሰኝ ክፍያው ዓርብ ይወጣል፤ ከዚያ ካለፈ ወደሚቀጥለው ዓርብ ይዛወራል።» ቢዘገይ ምክንያቱ ምን እንደነበር ክሩን የሚያነብ ማንም ሰው ከዚህ ይረዳል፣ ማንም ላይ ግን ጣት አልተቀሰረም።

ሁለት ነገሮች በማረም አይፈቱም። ሰውየው በእርግጥም በየወሩ የሚያዘገይ ከሆነ ቀኖቹን ለብቻ መዝግቦ ፊት ለፊት ወይም በስልክ ማንሳት ይሻላል፤ ክር ላይ ሲጻፍ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ክስ ነው። ሌላው ደግሞ የሌላውን አሽሙር ክሩ ላይ ማረም ነው። «እንዲህ ባለ ድምፅ ባንጻጻፍ» የሚል ዓረፍተ ነገር ራሱ አዲስ ጉሸማ ነው። ድምፁን ቀይሮ መመለስ ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

የእሷ መልስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጣ፦ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። 12ቱን አላወቅሁም። አቅራቢው ኢንቮይሱን በ228 አስተካክሎ እንዲልክ አሁን እጽፍለታለሁ፤ መመለሻው የተፈረመበት ወረቀት ካለህ እሱንም ላክልኝ።» «ላክልኝ» ተመልሷል። የተስተካከለው ኢንቮይስ የመጣው ግን በማግስቱ ሳይሆን ሰኞ ነው፣ ክፍያውም ወደሚቀጥለው ዓርብ ተላለፈ። የ12ቱ ካርቶኖች ጉዳይ በመጀመሪያው ሰኞ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ አቅራቢው አራት ቀን ይኖረው ነበር።