የቀሩት የት ሄዱ?

የማርኬቲንግ መግቢያ ፋይናል እያረምኩ ነበር፤ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች። ፈተናው ለሁሉም ክፍል አንድ ነው። አንሰር ኪውም አንድ ነው። ሁለቱንም ያዘጋጁት አንጋፋው ባልደረባችን ናቸው። የእኔ ድርሻ ማረም ብቻ ነበር፤ እኔም ሻዬን እየጠጣሁ 41 ወረቀት በሁለት ማታ ጨረስኩ።

ኬዙ ስለ ሺሮ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል። አንድ ፋብሪካ የአዲስ አበባን ሺሮ ገዢ አጠና። አተሯን ገዝታ፣ ለቅማ፣ ቆልታና ከክታ ወፍጮ ቤት የምትልክ አለች። ከባልትና ሱቅ በኪሎ የምትገዛ አለች። ከሱፐርማርኬት የታሸገ አንስታ የምትሄድ አለች። ይህ አንደኛው አንቀጽ ነው። ሁለተኛው የሦስቱን ብዛት፣ ፉክክሩንና የፋብሪካውን አቅም ያነጻጽራል። ሦስተኛው እንዲህ ይነበባል፦ «ድርጅቱ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 40 በሆነ፣ ኮንዶሚኒየም በሚኖሩና ባልም ሚስትም ደመወዝተኛ በሆኑ ቤተሰቦች ላይ ለማተኮር ወሰነ።»

ጥያቄ ሁለት፦ በሦስተኛው አንቀጽ ድርጅቱ የትኛውን ደረጃ ፈጸመ? ምክንያትህን አስረዳ። 5 ማርክ።

አንሰር ኪው «ዲሞግራፊክ ሰግመንቴሽን» ይላል፤ ገበያውን በዕድሜ፣ በገቢና በመሳሰለው መከፋፈል ማለት ነው። እኔም «ታርጌቲንግ»፣ ማለትም ከተከፋፈሉት ቡድኖች የሚያገለግሉትን መምረጥ፣ ያለውን ሁሉ በቀይ እየሰረዝኩ አለፍኩ። ለምክንያቱ ብዬ አንድ አንድ ማርክ ጣል አድርጌላቸዋለሁ።

ወረቀት በሚታይበት ቀን አንዲት ተማሪ መጡ። ዕድሜያቸው ከእኔ ይበልጣል። ባልትና ሱቅ አላቸው፤ ከሱቃቸው ቀጥታ ስለሚመጡ ክፍሉ ሁሌ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

«መምህር፣ ይቺ ሁለተኛዋ ለምን ተሰረዘች?»

«መልሱ ሰግመንቴሽን ስለሆነ ነዋ። ዕድሜ አለ፣ ገቢ አለ፣ መኖሪያ አለ። ዕድሜና ገቢ ካዩ ዲሞግራፊክ ነው።»

በሙሉ ልቤ ነው የተናገርኩት። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ብዬ ሳላስተምር አልቀረሁም።

ወረቀቱን ትንሽ አዩት። ከዚያ ቀና አሉና፣

«እሺ፤ ታዲያ የቀሩት የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«አተሯን የምትለቅመውና ከእኔ ሱቅ የምትገዛው። አንደኛው አንቀጽ ላይ ሦስቱም ነበሩ። እዚህ አንዷ ብቻ ናት ያለችው። ሰው ከቀረ እኮ መርጠዋል ማለት ነው፤ መከፋፈል አይደለም።»

ዝም አልኩ። ያኔ ማለት የነበረብኝ «ልክ ነዎት» ነው። ያልኩት ግን «አየዋለሁ» ነው። መምህር «አየዋለሁ» ካለ መሸነፉን አውቋል ማለት ነው፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ፈገግ ብለው ወጡ።

ማታ ወረቀቶቹን እንደገና ዘረጋሁ። ነገሩ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ገበያው የሚከፋፈልበት መለኪያ፣ ዕድሜ በሉት ገቢ ወይም ሰፈር፣ ምርጫው ካለቀ በኋላም የተመረጠውን ቡድን ለመግለጽ ያገለግላል። የታለሙትን ሰዎች ዕድሜ ሳትጠራ እነማን እንደሆኑ መናገር አትችልም። ስለዚህ «ከ25 እስከ 40» የሚለው ሐረግ ብቻውን ደረጃውን አይነግርህም። የሚነግርህ ግሱ ነው። «ለማተኮር ወሰነ» ይላል። አንደኛው አንቀጽ ላይ ግን ማንም ምንም አልወሰነም፤ «አለች፣ አለች፣ አለች» ብቻ ነው። ያ ሰግመንቴሽን ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የሚመዘነው የቡድኖቹ ብዛት፣ ፉክክርና አቅም ስለሆነ ታርጌቲንጉ የተጀመረው እዚያ ነው። ሦስተኛው ውሳኔውን ነገረን።

በማግስቱ አንጋፋው ባልደረባችን ቢሮ ሄድኩ። የሴትየዋን ጥያቄ እንደራሴ አድርጌ አቀረብኩት። ይሄን አሁን ስጽፈው ነው ያፈርኩበት።

«የቀሩት የት ሄዱ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ማንንም ያልጣለ ድርጅትስ? ለሦስቱም ቡድን ሦስት ዓይነት ሺሮ ቢያቀርብ ታርጌቲንግ አላደረገም ልትል ነው?»

ሰውዬው የዋዛ አይደሉም። ልክ ናቸው፤ ሁሉንም ቡድን ለየብቻው ማገልገልም ምርጫ ነው። ስለዚህ የሴትየዋ መፈተሻ ሁልጊዜ አይሠራም፤ የተጣለ ሰው ካለ ታርጌቲንግ ነው፤ ከሌለ ግን ታርጌቲንግ የለም ማለት አይቻልም። ያኔ መጠየቅ ያለበት ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሰዎቹ ያወራል ወይስ ስለ ድርጅቱ ውሳኔ የሚል ነው። ይህንን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲያው ሁለቱንም ተቀበል» አሉኝ።

«ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም።»

«ተቀበል አልኩህ እኮ። ልክ ናቸው አላልኩህም።»

ተቀበልኩ። 41ዱንም እንደገና አረምኩ። ሴትየዋ ከአንድ ወደ አምስት ወጡ፤ አራት ማርክ።

ችግሩ፣ ወረቀቱ አንዴ ከተከፈተ ጥያቄ ሦስትም ታየኝ። ድርጅቱ ፖዚሽኒንጉን እንዴት አደረገ ይላል፤ በገዢዋ ጭንቅላት ውስጥ ምን ቦታ ለመያዝ ፈለገ ማለት ነው። ሴትየዋ የመለሱት «ዋጋውን ከባልትና ሱቅ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በሱፐርማርኬት ብቻ በመሸጥ» ነው። የመጀመሪያው ማታ ጽሑፋቸው ስላማረኝ አራት ሰጥቻቸው ነበር። ግን ዋጋና ማከፋፈያ የማርኬቲንግ ሚክስ ናቸው፤ ቦታውን ለመያዝ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች እንጂ ቦታው ራሱ አይደሉም። መልሱ አራተኛው አንቀጽ ላይ ነበር፤ ገዢዋ ከሌላው የታሸገ ሺሮ ይልቅ ይሄኛውን «የፋብሪካ ሳይሆን የእናት ቤት ሺሮ» ብላ እንድታስበው።

ጠራኋቸው።

«ፖዚሽኒንግ ውስጥ ሁልጊዜ ተፎካካሪ አለ» አልኳቸው። «አሜሪካ ውስጥ ኤቪስ የሚባል መኪና አከራይ በ1962 ሁለተኛ ነን፣ ስለዚህ የበለጠ እንጥራለን ብሎ ማስታወቂያ ጀመረ። ከፊቱ ኸርዝ ባይኖር ቃሉ ትርጉም አይኖረውም። የእርስዎ መልስ ሺሮው ስንት እንደሆነና የት እንዳለ ይነግረኛል። ገዢዋ ከማን አንጻር ምን ብላ እንደምታስበው ግን አይነግረኝም።»

«ከባልትና ሱቅ ከፍ አድርጎ ብያለሁ እኮ። ባልትና ሱቅ ተፎካካሪ አይደለም?»

«ያነጻጸሩት ዋጋውን ነው። በገዢዋ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን አይደለም።»

«ስንት ልትቀንስብኝ ነው?»

«ሦስት።»

ጣታቸውን አጣጥፈው ቆጠሩ። «አራት አግኝቼ ሦስት ላጣ? ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ለአንድ ማርክ ነው?»

ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚከራከር ሌላ ተማሪ አልነበረኝም። ይህንን ግን አልነገርኳቸውም። ሦስቱን ማርክም አልመለስኩም። ሳይከራከሩ የቀሩት ተማሪዎች ጥያቄ ሦስት ላይ ያላግባብ የሰጠኋቸውን ይዘው ሄደዋል፤ እንደገና ያረምኩላቸው ጥያቄ ሁለትን ብቻ ነው። ሴትየዋ ይሄን ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ፈተናውን ያወጡት አሁንም አንጋፋው ባልደረባችን ናቸው። ኬዙ ወደ ቡና ተቀይሯል። አንሰር ኪውን ገለጥኩ። ጥያቄ ሁለት፦ «ሰግመንቴሽን ወይም ታርጌቲንግ።»